ከእንቁላል ፎቶ ምን ይነበባል? ቅርፊቱ፣ ስንጥቁና ሳህን ላይ የፈሰሰው

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ለገጣፎ በሚገኘው ሰፈራችን የምትኖር የጎረቤቴ ልጅ ሦስት ፎቶዎችን በስልኬ ላከችልኝ። እናቷ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ብለው ከሰፈሩ ሱቅ ሠላሳ እንቁላል የያዘ አንድ የወረቀት ትሪ ገዝተው ነበር። የመጀመሪያው ፎቶ ትሪውን ከላይ ያሳያል። ሁለተኛው ስንጥቅ ያለበት አንድ እንቁላል በቅርብ የተነሳበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ልጅቷ ራሷ ሰብራ ሳህን ላይ ያፈሰሰችው እንቁላል ነው። ከሥሩ “ጋሼ፣ እማዬ ይጣል ወይስ ይሠራበት ብላለች፤ አስኳሉ ላይ ደም አለ፣ ቀለሙም ነጣ ብሏል” ብላ ጽፋለች። በአንድ የዶሮ እርባታ የእንቁላል መለያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ እንዲህ ያለው ጥያቄ ወደ እኔ ሲመጣ የመጀመሪያው አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ነገሮች በእነዚህ ሦስት ፎቶዎች ውስጥ አንድ ላይ ስለተገኙ መልሱን ከነምክንያቱ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው እንቁላሉ ምን ያህል ቆይቷል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ቢበላ ያሳምማል ወይ የሚል ነው። ሁለቱ የተያያዙ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ሁለት ሳምንት የቆየ እንቁላል ቅርፊቱ ደኅናና ንጹሕ ከሆነ በደንብ በስሎ ሲበላ ምንም ላያደርግ ይችላል፤ ዛሬ ጠዋት የተጣለ፣ ነገር ግን ተሰንጥቆ ኩስ የነካው እንቁላል ከእርሱ የበለጠ ያሠጋል። ሳህን ላይ የፈሰሰው እንቁላል ፎቶ በዋነኛነት የሚመልሰው የዕድሜውን ጥያቄ ሲሆን፣ ስለ ደኅንነቱ ይበልጥ የሚናገረው የቅርፊቱ ፎቶ ነው። ጎረቤቴን ያስጨነቃቸው የሦስተኛው ፎቶ ደምና የነጣ አስኳል ነበር፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን የመጀመሪያው ፎቶ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ቅርፊቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የእንቁላል ቅርፊት እንደ ሸክላ ድፍን ይምሰል እንጂ በዓይን የማይታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጫጩት በውስጡ ስታድግ የምትተነፍሰው በእነርሱ ነው። ዶሮዋ እንቁላሉን ስትጥል ከላዩ ስስ እርጥብ ሽፋን ይኖረዋል፤ ይህ ሽፋን ወዲያው ደርቆ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል ስንልጥ የምናያቸው ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ። ከእነዚህ ወዲያ ነጩ ራሱ ሌላ መከላከያ ነው፤ ተሕዋስያን ለመራባት የሚፈልጉትን ብረት አስሮ የሚይዝና የአንዳንዶቹን ግድግዳ የሚያፈርስ ፕሮቲን አለው። እንግዲህ እንቁላል ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እንኳ ለሳምንታት ሳይበላሽ የሚቆየው በእነዚህ ተከታታይ አጥሮች ምክንያት ነው። ስንጥቅ ማለት የፊተኛው አጥር ፈረሰ ማለት ነው።

ወደ መጀመሪያው ፎቶ ልመለስ። በትሪው ሦስተኛ ረድፍ ላይ አንድ እንቁላል ከሌሎቹ ይልቅ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ያለው ወረቀት ጠቆር ብሎ ጠርዙ ላይ እንደ ቫርኒሽ ያብለጨልጫል። ይህ የፈሰሰ ነጭ ደርቆ የሚተወው ምልክት ነው። ልጅቷ በጥንቃቄ እንድታነሳው ስነግራት ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። የውስጠኛው ሽፋን ተቀዶ ውስጡ የፈሰሰ እንቁላል ምንም ክርክር የለውም፤ ሽታው ደኅና ቢሆንም ይጣላል፤ ምክንያቱም የሚወጣበት መንገድ ካለ የሚገባበትም አለ። ፈሳሹ አጠገቡ ያለውን እንቁላል ነክቶ ስለነበር ለእርሱም ተጠነቀቅን፤ ቅርፊቱ ላይ የደረቀ ነጭና አስኳል ለተሕዋስያን ምግብ ነው። ይህኛው ስንጥቅ ስላልነበረው አልጣልነውም፤ ለማቆየት ግን አይሆንምና በዚያው ዕለት እንዲበስል ለይተን አስቀመጥነው።

በዚያው ፎቶ ላይ ሌላም ነገር ነበር። አራት ወይም አምስት እንቁላሎች የደረቀ ኩስ ጠብታ አለባቸው። የቀሩት ደግሞ ከልክ በላይ ንጹሕ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እንደ ታሹ ያበራሉ። ብዙ ገዢ ይህኛውን ይመርጣል፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ አንዳንድ ጊዜ የቆሸሸውን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ ይደረድራል። እኔ ከሁለቱ ጥቂት የደረቀ ቆሻሻ ያለበትን እመርጣለሁ። ሞቅ ያለ እንቁላል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየርና ፈሳሽ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም በላዩ ያለውን ውሃ ከነቆሻሻው በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። መታጠቡ የደፈነውን ሽፋንም ስለሚያነሳ በሩ ክፍት ይቀራል። በፋብሪካ ደረጃ እንቁላል በሚታጠብባቸው አገሮች የማጠቢያው ውሃ ከእንቁላሉ ይልቅ እንዲሞቅ የሚደረገው ስለዚህ ነው። በቤት ውስጥ ግን የደረቀውን ቆሻሻ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ መታጠብ ካለበትም ልክ ሊበስል ሲል ማጠብ ይሻላል። ፎቶ ላይ የታጠበውን ካልታጠበው መለየት ግን አስተማማኝ አይደለም፤ ማብራቱ ከመብራቱም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ፎቶ ስንጥቁን በቅርብ ያሳያል። እዚህ ላይ ዘርዘር ማለት እፈልጋለሁ፤ ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለምና። መጀመሪያ የማየው መስመሩ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ነው። አዲስ ስንጥቅ እንደ ቀጭን የእርሳስ ጭረት ፈዛዛ ሆኖ ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ የቆየ ስንጥቅ ግን አቧራና እርጥበት ስለሚይዝ እንደ ሻይ ጠብታ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር ይሆናል። ሁለተኛው ነገር የስንጥቁ ቅርጽ ነው፤ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እንደ ኮከብ የሚበተን ከሆነ አንድ ነገር መትቶታል፤ ረጅምና ብቻውን የሚሄድ መስመር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጨፍልቆ ወይም ከሌላ እንቁላል ጋር ተጋጭቶ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ መስመሩ ላይ እርጥበት ወይም የደረቀ ፊልም አለ ወይ የሚለው ነው፤ ካለ የውስጡ ሽፋንም ተቀዷል።

ልጅቷ በላከችው ፎቶ ላይ ያለው መስመር ኮከብ መሰል ሲሆን መሃሉ ላይ ትንሽ ተሰርጉዷል፤ ከአምስቱ ጭረቶች ሁለቱ ደግሞ ጥቁር ናቸው። ይህ እንቁላል ሱቅ ውስጥ ወይም ከዚያ በፊት፣ ምናልባትም ከእርባታው ሲጫን የተመታ ነው። መቼ እንደተሰነጠቀ የማይታወቅ እንቁላል ደግሞ በእኔ ሚዛን ይጣላል። “ሌላም ስንጥቅ አለ ወይ?” ብዬ ስጠይቃት “አንዱ እኛው ስናስገባ የበሩ መዝጊያ ላይ ነክቶት ነው” አለች፤ የእርሱንም ፎቶ ላከች፤ መስመሩ ንጹሕ፣ ቅርፊቱም አልሰረጎደም። ይህኛው የተሰነጠቀበት ሰዓት ስለሚታወቅና ሽፋኑ ስላልተቀደደ ሊበላ ይችላል፤ ነገር ግን በቅርፊቱ እንዳለ አይቆይም። እንዲህ ዓይነቱ እንቁላል ወዲያው ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ተሰብሮ፣ ተከድኖ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ በሁለት ቀን ውስጥ መብሰል አለበት። ቤቱ በሰሙነ ሕማማት ጾም ላይ ስለነበር ገና ለመጾም ላልደረሰው ትንሽ ወንድሟ ማታ በደንብ ተጠብሶ ተሰጠው፤ በፈሳሹ የተነካካውም አብሮ ተሠራ። እንቁላል በመቀቀል ላይ ሳለ ድስት ውስጥ ቢሰነጠቅ ግን አያስጨንቅም፤ የሚፈላው ውሃ ራሱ ያበስለዋል።

ከስንጥቅ ጋር የሚምታቱ ጥቂት ነገሮች አሉ። አንዳንድ እንቁላል ወገቡን ዙሪያ እንደ ጠባሳ የመሰለ ጉብ ያለ መስመር ይኖረዋል፤ ይህ በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ሳለ ተሰንጥቆ መልሶ በቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ ክፍት አይደለም፤ በቀላሉ ሊሰበር ስለሚችል ብቻ በጥንቃቄ ይያዛል። ቅርፊት ላይ የሚታዩ ጥቃቅን የኖራ እብጠቶችና እንደ ደመና ያሉ ግልጽ ነጠብጣቦችም ከብልሽት የመጡ አይደሉም። እውነተኛውን ስንጥቅ ለመለየት ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክን ባትሪ ከእንቁላሉ ወፍራም ጫፍ ጋር ማጋጠም ነው፤ ቅርፊቱ ከውስጥ ሲበራ ስንጥቁ እንደ ደማቅ ክር ይወጣል። በእርባታው መለያ ክፍል የምንሠራውም ይህንኑ ነበር፤ መብራታችን ብቻ ጠንካራ ነበር። ቅርፊቱ ቡናማ ሲሆን ብርሃኑ በቀላሉ አያልፍምና ትንሽ ማዟዟር ይጠይቃል።

በዚያው ብርሃን በወፍራሙ ጫፍ በኩል የአየር ክፍሉ ይታያል። እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ በሰውነቷ ሙቀት ልክ ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይኮማተርና በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ትንሽ የአየር ክፍል ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ ውሃ በቀዳዳዎቹ እየተነነ ሲሄድ ይህ ክፍል ይሰፋል። የአውሮፓ ኅብረት አንደኛ ደረጃ በሚለው እንቁላል ላይ የአየር ክፍሉ ከ6 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ውሃ ውስጥ የማስገባት የቆየው የእናቶቻችን ሙከራም የሚለካው ይህንኑ አየር ነው፤ አዲሱ ተኝቶ ይቀመጣል፤ የቆየው ወፍራም ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ በጣም የቆየው ይንሳፈፋል። ሙከራው ዕድሜን እንጂ ብልሽትን አይለካም፤ ተሰንጥቆ የተበከለ እንቁላል ሳይንሳፈፍ ሊሰምጥ ይችላል። ውሃ ውስጥ የገባውን ደግሞ አድርቆ ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ አይገባም።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ ልጅቷ እንቁላሉን ሰማያዊ አበባ ባለበት ሳህን ላይ ሰብራ፣ ፍላሽ አብርታ ከላይ ነበር ያነሳችው። ከላይ ሲታይ አስኳሉ ክብ ነው፤ ፍላሹም ነጩ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ጥሏል። ከዚህ ፎቶ ምንም ማለት ስላልቻልኩ ሌላ እንድታነሳ ጠየቅኋት። ጠፍጣፋ ነጭ ሳህን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። አንዱን ፎቶ ከላይ፣ ሌላውን ደግሞ ስልኩን ከሳህኑ ጋር እኩል አድርጋ ከጎን፣ የአንድ ክንድ ያህል ርቃ። በጣም ተጠግቶ የተነሳ ፎቶ ፊት ለፊት ያለውን ስለሚያሳብጥ መጠኑ ይዛባል፤ ፎቶን አሳምሮ የሚያወጣ ማጣሪያም ቀለሙን ያታልላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ፎቶዎች ደረሱኝ።

ከጎን የተነሳው ፎቶ ነው የሚናገረው። አዲስ እንቁላል ሳህን ላይ ሲፈስ አስኳሉ እንደ ጉልላት ቆሞ ይታያል፤ ዙሪያውን ወፍራም ነጭ እንደ ትራስ ደግፎ ይይዘዋል፤ ከዚያ ውጪ ያለው ቀጭን ነጭ ጥቂት ነው። እንቁላሉ ሲቆይ በነጩ ውስጥ የታመቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በቀዳዳዎቹ ይወጣል፤ ጋዙ ሲወጣ ነጩ ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሚዛን ይቀየራል፤ ወፍራሙን ነጭ አያይዞ የሚይዘው ፕሮቲንም ይፈታል። በዚህ ምክንያት ትራሱ እየቀለጠ ቀጭኑ ነጭ ይሰፋል። በተመሳሳይ ጊዜ ከነጩ ወደ አስኳሉ ውሃ ይገባል፤ የአስኳሉ ከረጢትም እየላላ ይሄዳል፤ ስለዚህ አስኳሉ ይሰፋል፣ ይጠፈጥፋል፣ በመጨረሻም ሲነኩት ይፈርሳል።

ይህን በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል። የአስኳሉን ቁመት ለስፋቱ ማካፈል ነው፤ ሁለቱም በአንድ ፎቶ ላይ ስለሚገኙ ትክክለኛ መጠናቸውን ማወቅ አያስፈልግም፤ በስልኩ ላይ በማስመሪያ የተለካው ይበቃል። አዲስ እንቁላል ላይ ውጤቱ 0.45 አካባቢ ነው፤ ማለትም ቁመቱ ወደ ስፋቱ ግማሽ ይጠጋል። ከ0.3 በታች ሲወርድ እንቁላሉ በእርግጥ ቆይቷል። በልጅቷ ፎቶ ላይ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 14 ሚሊሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ 14 ለ40 ሲካፈል 0.35 ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው የነጩ መለኪያ ግን ከፎቶ አይወጣም፤ ሬይመንድ ሃው የተባለ አሜሪካዊ በ1937 ያቀረበው ይህ መለኪያ የወፍራሙን ነጭ ቁመት በሚሊሜትር፣ የእንቁላሉንም ክብደት በግራም ይጠይቃልና።

ከላይ የተነሳው ፎቶ ደግሞ ይህን አጠናከረ። ወፍራሙ ነጭ አሁንም በአስኳሉ ዙሪያ ጠርዙ ይታያል፤ ቀጭኑ ግን እስከ ሳህኑ ዳር ፈስሷል። ነጩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመናማ አይደለም። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ነጩ ደመናማ ሲሆን የተበላሸ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያ ደመና ገና ያልወጣው ጋዝ ስለሆነ የአዲስነት ምልክት ነው። ከአስኳሉ ግራና ቀኝ ያሉት እንደ ተጠመዘዘ ክር የሚታዩ ነጫጭ ነገሮችም ጫጩት ሊሆኑ የጀመሩ አይደሉም፤ አስኳሉን መሃል ላይ ወጥሮ የሚይዙት ገመዶች ናቸው፤ እንቁላሉ አዲስ በሆነ መጠን ጎልተው ይታያሉ። በዚህኛው ላይ ደብዘዝ ብለዋል።

ስለዚህ ይህ እንቁላል ትናንት የተጣለ አይደለም፤ የአንድ ወር ዕድሜም አይመስልም። ከዚህ ጠበብ አድርጎ ቀን መቁጠር ግን ከፎቶ አይቻልም። በብርድ ክፍል ሦስት ሳምንት የቆየውና ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ላይ ጥቂት ቀን የዋለው እንቁላል ሳህን ላይ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ያረጀች ዶሮም ገና ከጅምሩ ቀጭን ነጭ ያለው እንቁላል ትጥላለች። አንድ እንቁላል ደግሞ ስለ ሠላሳው አይመሰክርም፤ ሻጭ የተለያየ ቀን የመጣውን አንድ ትሪ ላይ ሊያቀላቅል ይችላል፤ በተለይ ከዓቢይ ጾም በኋላ። ዶሮ በጾም መጣሏን አታቆምም፤ ፈላጊው ግን ስለሚቀንስ እንቁላል ሱቅ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

እናትየው የጠየቁት ደም አስኳሉ ላይ ያለ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጠብጣብ ነበረች። አስኳሉ ካደገበት ከዶሮዋ የእንቁላል ዕጢ ሲለቀቅ ትንሽ የደም ሥር ስትፈነዳ የምትፈጠር ናት፤ በሽታም ብልሽትም አይደለችም፤ በቢላ ጫፍ ማንሳት ይቻላል። እንቁላሉ ሲቆይ ደሙ ስለሚቀጥን ደማቅ መሆኑ እንዲያውም ብዙ አለመቆየቱን ይናገራል። ከዚህ የሚለየው ከአስኳሉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚበተኑ የደም ሥሮች ወይም የደም ቀለበት ሲታይ ነው፤ ያ ዶሮዋ አቅፋው ጫጩት መሆን የጀመረ እንቁላል ነው፤ ከገጠር በየቤቱ ተለቅሞ በሚመጣ የሀበሻ እንቁላል ላይ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ እርሱ ይጣላል። የአስኳሉ መንጣት ደግሞ የዶሮዋ መኖ ጉዳይ ብቻ ነው። ቅጠልና ሣር የምትለቅመው የሀበሻ ዶሮ፣ ወይም ቢጫ በቆሎ የምትበላው፣ ደማቅ አስኳል ትሰጣለች፤ በፉርሽካና በነጭ በቆሎ ያደገችው የነጣ ትሰጣለች። ቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ፎቶ የነጣውን ወርቅ ሊያስመስለው ስለሚችል በቀለሙ ላይ ተመሥርቶ መፍረድ ድርብ ስሕተት ነው።

በቀለም የሚጣል እንቁላል ግን አለ። ነጩ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ከሆነ፣ ብርማ አረንጓዴ እያለ በብርሃን የሚቀያየር ከሆነ፣ ወይም ከቅርፊቱ ውስጥ ጥቁርና አረንጓዴ ነጥቦች ካሉበት፣ ሱዶሞናስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ወይም ሻጋታ ገብተውበታል ማለት ነው፤ ሽታ ሳይጠበቅ ይጣላል። ለዚህ ነው ነጭ ሳህን የምለው፤ የቀይ ፕላስቲክ ሳህን ነጸብራቅ ነጩን ሮዝ ያደርገዋል። በጣም ፈዛዛ ቢጫ አረንጓዴ ሲሆን ግን የተፈጥሮ ቪታሚን ቀለም ስለሆነ ጤናማ ነው።

ፎቶ ፈጽሞ የማያሳየው ሁለት ነገር አለ። አንዱ ሽታ ነው፤ የገማ እንቁላል ሲሰበር ወዲያው ይታወቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን እንቁላል በትንሽ ስኒ ለብቻው ሰብሮ አይቶና አሽትቶ ወደ ዋናው ዕቃ መገልበጥ አንዱ ሌላውን እንዳያበላሽ ያደርጋል። ሌላው ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ነው። አንዳንዱ ሳልሞኔላ በእርሱ ከተያዘች ዶሮ እንቁላሉ ገና ሳይሸፈን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቅርፊቱ ደኅና፣ አስኳሉ የቆመ፣ ሽታው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሊኖር ይችላል። የነጩ መከላከያና የአስኳሉ ከረጢት እስካሉ ድረስ ብዙም አይራባም፤ እንቁላሉ ሞቃት ቦታ ቆይቶ ከረጢቱ ሲላላ ግን ብረቱንና ምግቡን ያገኛል፤ ዕድሜና ደኅንነት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ማብሰል ነው፤ አስኳሉና ነጩ ሁለቱም እስኪረጉ። ጥሬ እንቁላል በወተት መትቶ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር ወይም ለሽማግሌ መስጠት፣ እንቁላሉ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ የማልመክረው ለዚህ ነው።

ለጎረቤቴ የነገርኳቸው እንግዲህ ይህ ነበር፦ የፈሰሰውና ጥቁር ስንጥቅ ያለበት ይጣሉ፤ በፈሳሹ የተነካካውና በሩ ላይ የተመታው ማታውኑ ይብሰሉ፤ ሳህን ላይ የፈሰሰውም አብሮ ይጠበስ፤ የቀሩት ሃያ አምስቱ ቀዝቃዛና ጥላ ባለበት ቦታ ወፍራም ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጡ። ለዶሮ ወጡ አሥራ ሁለት ስለሚበቃ ምርጫ አላቸው። “ያልቆየ ብገዛ ይሻል ነበር” ሲሉኝ ግን ለዚህ ሥራ መካከለኛ ዕድሜ ያለው እንደሚሻል ነገርኳቸው፤ በጣም አዲስ እንቁላል ሲቀቀል ሽፋኑ ከነጩ ጋር ተጣብቆ ስለሚላጥ ወጡ ውስጥ የሚገባው ተቦጫጭቆ ነው።

ቅዳሜ ሲቀቅሉ አንድ ነገር ብቻ አሳሰብኩ። እኛ ባለንበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ለደኅንነት የሚያስፈልገው ከ70 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ያለ ስለሆነ ሙቀቱ ይበቃል፤ ነገር ግን ወደ አስኳሉ መሃል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ አሥር ደቂቃ የሚወስደው እዚህ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ሊወስድ ይችላል።

እሑድ ጠዋት ልጅቷ አራተኛ ፎቶ ላከች። ለሁለት የተከፈለ የዶሮ ወጥ እንቁላል ነው፤ በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ግራጫ ቀለበት ይታያል። “ጋሼ፣ ይኼስ?” ብላለች። ቀለበቱ ከነጩ የሚወጣ ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፤ እንቁላሉ ረዘም ላለ ጊዜ በሙቀት ሲቆይ ይመጣል፤ መጀመሪያ ተቀቅሎ ቀጥሎ ከወጡ ጋር የሚንተከተክ እንቁላል ላይ ደግሞ የሚጠበቅ ነው። ብሉት ብዬ መለስኩላት።